ሐሙስ ስለምትደግሚው መዝሙር፤ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ጉልበቷ ተሽሏት ቅዳሴ መሄድ ጀምራለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ታላቅ እኅትሽ ባለፈው ሰንበት የነገረችኝ ነገር ነው። የሱቁን ገንዘብ ይዞ የከዳሽን ሸሪክሽን በስሙ እየጠራሽ የእርግማኑን መዝሙር፣ 108ን፣ ጠዋትና ማታ ትደግሚያለሽ አለችኝ። መበደልሽን አውቃለሁ፤ ስለ ደረሰብሽ በደል ስሰማ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ነገር ግን ልጄ፣ በዚያ መዝሙር ውስጥ የሰው ስም አታግቢበት።

ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ እንደሚደገም ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ። የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 110 ነው፤ አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ተብሎ ሲቆጠር ሦስት ንጉሥ መሆኑ ነው። 108ኛው (በሌሎች ዘንድ 109ኛው የሚባለው) ከዚህ ድርሻ መጨረሻ አካባቢ፣ በሁለቱም ወገን በምስጋናና በልመና ታጥሮ ይገኛል። በተራው ስትደርሺበት ታልፊዋለሽ እንጂ አትሰፍሪበትም። ሰው ይህን መዝሙር ከድርሻው ነቅሎ ለብቻው መድገም ሲጀምር፣ ከቁጥር 6 ጀምሮ እስከ 20 ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ሲከድን፣ ያን ጊዜ ጸሎቱ ተበላሽቷል። ይህን የምነግርሽ ከሰው ሰምቼ አይደለም።

አንቺ ገና አራስ ሳለሽ ጎረቤታችን በታችኛው ማሳ በኩል ወሰን ገፋብኝ። ሽማግሌ ተቀምጦ ለእርሱ ፈረደለት። እኔም ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝና መሣሪያዬን አውጥቼ ስሙን ከነአባቱ እያስገባሁ ሌሊት ሌሊት 108ን መድገም ያዝሁ። አንድ ማለዳ «ልጆቹ ድሀ አደጎች ይሁኑ፣ ሚስቱም መበለት ትሁን» ከሚለው ላይ ደርሼ ሳለሁ ደጁ ተንኳኳ። ብከፍት የዚያው ሰው የመጨረሻ ልጅ፣ የአምስት ዓመት ገደማ ሕፃን፣ እሳት እንዲጭር ተልኮ ገል ይዞ ቆሟል። ምድጃችን ፍም ሞልቶት ነበር። እኔ ግን «እሳት የለም» ብዬ መለስሁት። ጭሱን እያየ ሄደ። ልጁን ታውቂዋለሽ፤ በአያትሽ ተዝካር ድንኳኑን የተከለልን እርሱ ነው። እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር የማስበው ያንን ገል ነው።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። መዝሙሩን ከመጀመሪያው አንስቼ ቀስ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። በመግቢያው ላይ የሚከስሱት ብዙዎች ናቸው፤ «በወደድኋቸው ፋንታ ጠሉኝ፣ እኔ ግን እጸልያለሁ» ይላል። ከቁጥር 6 ሲደርስ ግን የሚረገመው በድንገት አንድ ሰው ይሆናል። «ይህ አንድ ሰው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስም ፈለግሁ፤ የለም። ዳዊት በሌላ ቦታ ሳኦልንም አቤሴሎምንም በስማቸው ይጠራል፤ እዚህ ግን ማንንም አልጠራም። እኔ ባዶውን ቦታ አይቼ የጎረቤቴን ስም ሞላሁበት።

ቤተ ክርስቲያን ግን ያን ቦታ ለማን እንደምትሰጠው ቅዱስ ጴጥሮስ አሳይቷል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1፣ መቶ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ባሉበት ጉባኤ ተነሥቶ «ሹመቱን ሌላ ይውሰዳት» የሚለውን ከዚሁ መዝሙር ጠቅሶ ስለ ይሁዳ ተናገረው። ይሁዳ ያን ጊዜ ሞቷል፤ ጴጥሮስም ከዚያ ረጅም እርግማን የወሰደው አንዲት ሐረግ ብቻ ሲሆን፣ እርሷንም ማትያስን በጎደለው ቦታ ለመተካት እንጂ ማንንም ለማሳደድ አልተጠቀመባትም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ይህን መዝሙር ሲተረጉም በእርግማን መልክ የተነገረ ትንቢት ነው ይላል። ነቢዩ ይህ ይድረስበት ብሎ የሚመኝ ቢመስልም፣ የሚናገረው ክፋትን የሙጥኝ ያለ ሰው ወዴት እንደሚደርስ ነው።

ሌላም አነባበብ አለ። ብራናው የጥቅስ ምልክት ስለሌለው፣ ከ6 እስከ 19 ያለው የዳዊት ቃል ሳይሆን ከሳሾቹ በዳዊት ላይ ያወረዱት እርግማን ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ብዙ የነበሩት ጠላቶች በድንገት አንድ ሰው መሆናቸውን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። በቁጥር 28 ደግሞ «እነርሱ ይረግማሉ፣ አንተ ግን ትባርካለህ» ይላል። ሁሉም አይስማማበትም፤ እኔም የአባቶችን ትርጓሜ ይዤ እሄዳለሁ። ግን እስቲ አስቢው፤ ይህ አነባበብ እውነት ከሆነ እኔ ያን ሁሉ ሌሊት ስደግም የነበረው የዳዊትን ጸሎት ሳይሆን የከሳሾቹን ቃል ነበር።

የንስሐ አባቴ ግን ከሁሉ አብልጠው የያዙኝ በቁጥር 17 እና 18 ነው። የተረገመው ሰው ጥፋቱ ምን እንደሆነ አስነበቡኝ፤ «መርገምን ወደደ፣ ወደ እርሱም መጣች» ይላል። እንደ ልብስ ለበሳት፣ እንደ ውኃ ወደ አንጀቱ፣ እንደ ዘይት ወደ አጥንቱ ገባች። «ታዲያ በዚያን ሰሞን መርገምን የወደደው ማን ነበር? ጎረቤትህ መሬት ነው የወደደው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ነው ልጄ የሰው ስም አታግቢበት የምልሽ፤ ባዶው ቦታ ስም ያስገባውን ሰው ራሱን ይስባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥሞና አንብቢ፤ ዝም በዪ እያልሁሽ አይደለም። ዳዊት ለእግዚአብሔር የሚነግረውን ቁጣ አልደበቀም፤ አንቺም አትደብቂ። በማክሰኞው ድርሻ፣ በ34ኛው መዝሙር፣ «የሚጣሉኝን ተጣላቸው» ብሎ የጮኸው ሰው እዚያው ዝቅ ብሎ እነርሱ በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሶ መጾሙን ይናገራል። ሳኦልም በዋሻ እጁ ሲገባ የቆረጠው የልብሱን ጫፍ ብቻ ነበር፤ ፍርዱን «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብሎ ለፈራጁ ትቶታል። መዝሙሩ የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቁጣው ወደ ላይ ሲወጣ እጅ እንዲያርፍ። የእኔ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ ከደጄ የቆመ ሕፃን ላይ አረፈ።

በቅዳሜው ድርሻ፣ በ136ኛው መዝሙር፣ ባቢሎንን «ሕፃናትሽን ይዞ በዓለት ላይ የሚፈጠፍጣቸው ብፁዕ ነው» የሚለውንም እንዲሁ አትፍሪው። አባቶች ሕፃኑን ገና የተወለደ ክፉ አሳብ፣ ዓለቱን ክርስቶስ ብለው ተርጉመውታል።

አሁን የማዝዝሽን ስሚ። የደረሰኞቹንና የውሉን ቅጂ ለወንድምሽ በአስቸኳይ ስጪው፤ ጠበቃ ያነጋግር። ክስ መመሥረት ነውር የለበትም፤ ዳኛ ፊት ስሙን ከነአባቱ ጥሪ። በጸሎትሽ ግን አታግቢው። 108ን ከሐሙስ ውጪ አትድገሚ፤ በሐሙስም ከ20 ላይ ሳታቆሚ እስከ 31 ዝለቂ። በቁጥር 6 ሰይጣን በተረገመው ሰው ቀኝ ይቆማል፤ በ31 ግን እግዚአብሔር በድሀው ቀኝ ቆሟል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ደርሼ አላውቅም ነበር።

በርበሬውን በአጎትሽ ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ሳታሰጪ አታስቀምጪው። ሐሙስ ማታ እደውልልሻለሁ፤ እስከዚያ 108 ላይ ስትደርሺ ጠብቂኝ፤ አብረን እስከ መጨረሻው እናነበዋለን።

አባትሽ