ስሙን ሳይሆን ዕዳውን ተከተሉ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ስለ ድሮ ባንኮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ከአባቱ ሳጥን የ«አዲስ አበባ ባንክ» ደብተር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ኢንተርናሽናል ባንክን ነው። ስሙ ይመሳሰላላ! ዝምድና ግን የላቸውም፤ ይሄኛው ሥራ የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮው በ1975 እ.ኤ.አ. ተወረሰ። ከዚያ ከባንኮ ዲ ሮማና ከባንኮ ዲ ናፖሊ የኢትዮጵያ ባንኮች ጋር ተቀላቅሎ «አዲስ ባንክ» ተባለ። «አበባ» የምትለዋ ቃል ስትወድቅ ሦስት ድርጅቶች በአንድ ስም ሥር ገቡ ማለት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ ባንክ ራሱ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ፤ ስሙም ጠፋ።

ስለዚህ የዚያ ደብተር ዱካ የሚያደርሰው «አዲስ» የሚል ስም ወደሌለው ባንክ ነው። የባንኮ ዲ ሮማ ደብተርም እንደዚሁ፤ ሮም ድረስ መጻፍ አያስፈልግም።

እኔ በስም መፈለግ ትቻለሁ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣውን የውህደት አዋጅ ፈልጌ መብትና ግዴታው ለማን ተላለፈ የሚለውን አንቀጽ አነባለሁ። ታፔላ ይቀየራል፣ ዕዳ ግን ተረካቢ አለው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ