የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የሚያዝያው ኮንሰርት በማን ትከሻ ቆመ?

ክበባችን ዘንድሮ መስከረም ላይ 34 አባላት መዝግቦ ሰኔ ላይ 29 ቀርተውታል። ሳምንታዊው ልምምድ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን መዝሙርና የመንፈቀ ዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት እንደ ወትሮው አልፈዋል፤ ብዙ አያስጽፉም። የሚያስጽፈው በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ በድሬዳዋው ትምህርት ቤታችን ግቢ የተካሄደው የእርዳታ ኮንሰርት ነው። ገቢው ደብተርና እስክሪብቶ ለመግዛት ለሚቸገሩ ተማሪዎች የታሰበ ነበር። በዕለቱ መድረክ ላይ «ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ተብሏል። ያ አይበቃም። ማን ምን ሰጠ፣ የሰጠውስ ነገር ምን ላይ ዋለ የሚለው ተለይቶ መጻፍ አለበት።

መጀመሪያ ለወንበሩ። የሠፈራችን ዕድር 220 ወንበር ያለ ኪራይ አውጥቶልናል፤ እኛ የከፈልነው የአይሱዙውን ማመላለሻ 2,400 ብር ብቻ ነው። የዕድር ወንበር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለለቅሶ ነው። በዚያ ሳምንት ሐዘን ቢደርስ ወንበሩ ኮንሰርት ተብሎ አይጠብቅም። የዕድሩ ዳኛ ይህን ሳይሸሽጉ ነግረውን አንድ ነገር ጨመሩ፦ ለቅሶ ቢመጣ 120 ወስደው 100 እንደሚተዉልን። በዚህ ምክንያት ዴስኮቹን ከመማሪያ ክፍል የማውጣቱን ሥራ ለመጨረሻው ቀን አላቆየነውም፤ አርብ ከሰዓት በኋላ 60 ዴስክ ሜዳው ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ነበር። ዴስኩ ሦስት ሰው ስለሚይዝ ከወንበሩ ጋር 400 መቀመጫ ሆነ፤ የሸጥነው ትኬት 395 ነው። ለቅሶ ባይደርስም ዴስኮቹ ባይወጡ ኖሮ 175 ሰው ቆሞ ይመለከት ነበር። ሲመለስ የሦስት ወንበር እግር ተሰብሮ ተገኘ። ዕድሩ የስብራት ቅጣት አልጠየቀንም፤ ጥገናውን ክበቡ ያሠራል።

ቀጥሎ ለኤሌክትሪኩ። ለመድረኩ ቅርብ የሆነው ሶኬት በላብራቶሪው ክፍል ውስጥ ያለው ሲሆን ርቀቱ 60 ሜትር ያህል ነው። በእጃችን የነበረው ኤክስቴንሽን ባለ 1.5 ሚሊ ሽቦ ነበር። አንድ የተማሪ ወላጅ፣ በሙያቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑ፣ ሐሙስ ዕለት መጥተው አዩትና «ይህ አይሆንም» አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። መዳቡ ሄዶ ሲመለስ 120 ሜትር ስለሚሆን 10 አምፔር ሲጎተትበት 14 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ሚሊው ግን ከ9 ቮልት በታች ነው። ምሽት ላይ የከተማው መብራት ራሱ ሲደክም ይህ ልዩነት የድምፅ ማጉያው እየጠፋ መብራቱን ወይም ሳይጠፋ መዝለቁን ሊወስን ይችላል። ወላጁ የራሳቸውን ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ አምጥተው ዘረጉልን። ትርፉን 15 ሜትር ያህል በመጠቅለያው ላይ እንዳንተወውም አስጠነቀቁ፤ የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን በደንብ ማስወጣት ስለማይችል ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። ለዚህም ነው ትርፉ ሽቦ በአጥሩ ሥር እንደ እባብ ተጠማዝዞ የታየው። አንዳንዶች ዝርክርክነት መስሏቸው ነበር።

ጄኔሬተሩን ያዋሱን የከዚራ አንድ ካፌ ባለቤት ናቸው። ቅዳሜ ገበያቸው የሚደምቅበት ቀን ሆኖ ሳለ ማሽኑን ከነሠራተኛው ላኩልን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ሄደ። በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚሳሳተው መብራቱ በተመለሰበት ቅጽበት ማጉያውና ሚክሰሩ አንድ ላይ እንዲነሱ በመተው ነው። ድንገተኛው ግፊት ስፒከሩን በአንድ ትልቅ ድብደባ ሊያበላሸው ይችላል። የድምፅ ባለሙያው መጀመሪያ ማጉያውን አጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ጠበቀ፣ ከዚያ ሚክሰሩን፣ በመጨረሻ ማጉያውን አበራ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ለዚህ ተመልካቹን የምናመሰግንበት የተለየ ምክንያት አለን፦ በጨለማው ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። ሽቦው በሁለቱ የወንበር ረድፎች መካከል ስለሚያልፍ አንድ ሰው እግሩን ቢጥልበት መሰኪያው ይነቀልና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነበር።

የድምፅ መሣሪያው ሙሉ ኪራይ 16,000 ብር ሲሆን አከራዩ 8,000 ብቻ ተቀብሏል። ከቅናሹ በላይ የጠቀመን ግን ባለሙያው አንድ ቀን ቀድሞ ሜዳውን ማየቱ ነው። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አላት፤ ንፋስ ባልተሸፈነ ማይክሮፎን ላይ ሲመታ ከበሮ የሚመታ ይመስል ያጉረመርማል። ስድስቱንም ማይክሮፎኖች ስፖንጅ አለበሰ፤ ከበሮውን ከሚያነሳው በስተቀር የሌሎቹን የወፍራም ድምፅ ቀነሰ። ስፒከሮቹንም ከዘፋኞቹ ፊት አስቀደማቸው፤ ከኋላ ቢሆኑ ማይክሮፎኑ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ እየወሰደ ያፏጫል። መድረኩን በምዕራቡ ሕንፃ ጥላ ሥር ያስቀመጠውም እሱ ነው። ልምምድ ላይ መድረኩ ወደ ፀሐይ ዞሮ ስለነበር የክራሩ ክር ለመያዝ እስኪያስቸግር ይግል ነበር።

ከሙዚቃው በኩል ከሁሉ ያስቸገረን የቅኝት ነገር ነበር፤ የተፈታውም ከሙዚቃው ውጭ ባለ ምክንያት ነው። ዝግጅቱ 11 ሰዓት ላይ ሲጀመር ሙቀቱ 34 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ 28 አካባቢ ወረደ። አየሩ ሲቀዘቅዝ የክራሩ የብረት ክር ይኮማተርና ይወጠራል፤ ድምፁ ከፍ ይላል። ዋሽንት ግን በተቃራኒው ነው፤ በቀዘቀዘ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ድምፁ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሰማ ልዩነቱ አይታወቅም። አብረው የትዝታን ቅኝት ሲጫወቱ ግን አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሄደ ጆሮ ወዲያው ይቆረቆራል፤ ተማሪዎቹ «ማን ነው የሳተው?» እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። የሳተ የለም። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ስለተበሳ የሚቃኝበት መንገድ ስለሌለው መስተካከል ያለባቸው ክራሩና ማሲንቆው ናቸው። ለዚያ ደግሞ ጸጥታና ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በሁለት ዘፈን መካከል አይገኝም።

ጊዜው የተገኘው ከመግሪብ ሶላት ነው። ጎረቤታችን መስጊድ ስለሆነ አዛን ከመሰማቱ በፊት ስፒከሮቹ እንዲጠፉ፣ ለ20 ደቂቃም ዝግጅቱ እንዲያርፍ ከመጀመሪያው ተስማምተን ነበር። የመስጊዱ ኮሚቴ ሽማግሌ ሰዓቱን በትክክል ነግረውን መርሐ ግብሩን በዚያው ልክ ቆረጥነው። ሶላት የሚሰግዱ ሄደው ሲመለሱ ሌላው ቁጭ ብሎ በጸጥታ ጠበቀ። ክራር ተጫዋቾቹ ከዋሽንቱ ጋር ክራራቸውን የቃኙት በዚህ ዕረፍት ነው። የሁለተኛው ክፍል የሐረሪ፣ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ዘፈኖች ከመጀመሪያው ክፍል ንጹሕ ሆነው የተሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዝግጅቱ ከመግሪብ ጋር ባይገጥም እንኳ ዕረፍቱን ማስገባት ይኖርብናል።

ውኃውን ያገኘነው ከአንድ አከፋፋይ ነው፤ 25 እሽግ፣ 300 ጠርሙስ። 60ውን ለተጫዋቾችና ለአስተናጋጆች ሰጠን፤ በዕረፍቱ 226 በ20 ብር ተሸጠ፤ 14 ተርፎ በጽሕፈት ቤት አለ። አስተናጋጆቹ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። በሩ ላይ ከቆሙት አራቱ የሠሩት ሥራ እምብዛም አይታይም፤ የእያንዳንዱን ትኬት ጥግ ቀደው መመለስ። ያልተቀደደ ትኬት በአጥሩ ክፍተት ወደ ውጭ ተመልሶ ለሌላ ሰው መግቢያ ይሆናል። የትኬቱን ዋጋ 50 እና 100 ብር ያደረግነው አንድ ነጠላ ኖት ስለሆነ ነው፤ 70 ወይም 80 ብናደርገው በሩ ላይ ሁሉም መልስ ይጠብቅ ነበር።

የገንዘቡ ሒሳብ እንዲህ ነው። ትኬቶቹ ተራ ቁጥር ያላቸው 50፣ 50 ሆነው የተጠረዙ ናቸው፤ ሻጩ ከየትኛው እስከ የትኛው እንደወሰደ ፈርሞ ወሰደ፣ ጉርዱን ከገንዘቡ ጋር መለሰ። በጉርዱ 231 የተማሪና 164 የአዋቂ ትኬት ተሽጧል፤ 27,950 ብር መሆን ነበረበት። የተቆጠረው 27,900 ነው። የ50 ብሩ ጉድለት ከአንድ የተማሪ ትኬት ጥራዝ ላይ ሲሆን ጉርዱ አለ፣ ገንዘቡ የለም፤ ማንንም አላስከፈልንም። የቀድሞ ተማሪዎች 10,000፣ በአሸዋ ገበያ የሚነግዱ አንድ የጨርቅ ነጋዴ 5,000 ብር ሰጥተዋል። ከውኃው 4,520 ተጨምሮ ጠቅላላ ገቢው 47,420 ብር ሆነ። ወጪው ለድምፅ መሣሪያ፣ ለአይሱዙ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ 1,900 እና ለትኬት ኅትመት 1,350፣ በድምሩ 13,650 ነው። የቀረው 33,770 ብር ነው።

በጥሬ የተቀበልነው ሁሉ በሞዴል 64 ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ለጋሽ ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ሲላክ የደረሰኙ ቁጥርና መጠኑ ተጽፎበታል። የጨርቅ ነጋዴው መድረክ ላይ ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁ ደብዳቤውን ብቻ ሰጥተናቸዋል። ደብዳቤ የደረሳቸው ሁሉ ይህንኑ ሒሳብ በአባሪነት አግኝተዋል።

መድረክ ላይ ስንዘረዝር የረሳናቸው ሰዎች አሉ፤ ስሕተቱ የእኛ ነው። የጽዳት ሠራተኞቻችን ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቆይተው ዴስኮቹን ወደየክፍላቸው መልሰው ሜዳውን ጠርገዋል። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪ መሬት ላይ ያልተቀመጠው በእነሱ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው ባለመታሰቡ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይታይም፤ በሚቀጥለው ዕቅድ ላይ ከትኬት ኅትመቱ ቀድሞ ይጻፋል።

በተረፈው ገንዘብ ለ40 ተማሪዎች የሚሆን ዕቃ ተገዝቷል። ለእያንዳንዱ 12 ደብተር፣ 6 እስክሪብቶና የማስመሪያ ዕቃ ሆኖ 840 ብር፣ በጠቅላላው 33,600 ብር ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገብቷል፤ መስከረም ላይ በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል፣ በሰልፍ ላይ ሳይጠሩ፣ ለተማሪዎቹ ይሰጣል። ቀሪው 170 ብር ለሦስቱ ወንበሮች ጥገና ይውላል። ባለ 2.5 ሚሊው ሽቦ ግን አሁንም ላብራቶሪው ውስጥ ነው፤ ወላጁ «ለሚቀጥለውም ያስፈልጋችኋል» ብለው ትተውልናል።