ለደንበኞቻችን፦ የትርጉምና የዲዛይን ሥራን በሰዓት ወይም በቁርጥ ስለምንተምንበት አሠራር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ጉዳዩ፦ የዋጋ አወጣጣችንን ስለማስረዳት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለአንዱ ሥራ ቁርጥ ዋጋ ሰጥተን ለሌላው «በሰዓት ይህን ያህል» የምንለው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱ ከሳቢያን ሌላው ከመጋላ የመጡ ሁለት ደንበኞች ደረሰኞቻቸውን ቢያስተያዩና ተመሳሳይ ለሚመስል ሥራ የተለያየ አከፋፈል ቢያገኙ፣ ዋጋው ሰው እየታየ የሚወጣ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ አሠራራችንን በጽሑፍ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በሁለቱ አከፋፈሎች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። በሰዓት በሚታሰብ ሥራ፣ ሥራው ከተገመተው በላይ ሲረዝም ትርፉን ሰዓት የሚከፍለው ደንበኛው ነው። በቁርጥ በሚታሰብ ሥራ ግን ግምቱ ከተሳሳተ የምንጎዳው እኛ ነን። ከዚህ የተነሳ የሥራውን ዳርቻ ከመጀመራችን በፊት አይተን ልንለካው ከቻልን ቁርጥ ዋጋ እንሰጣለን፤ ዳርቻው ካልታየን ደግሞ በሰዓት እናስባለን።

በመጀመሪያ የሰዓት ዋጋችን ከየት እንደሚመጣ እናስረዳ፤ ምክንያቱም ቁርጥ ዋጋውም ቢሆን የሚወጣው ከዚሁ ስሌት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የማንም ደንበኛ ሒሳብ አይደሉም። የአንድ ባለሙያ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ ድርሻው፣ ኢንተርኔቱ፣ የኮምፒውተር እርጅናውና ግብሩ ተደምሮ በወር 44,000 ብር ይሆናል እንበል። ወሩ 22 የሥራ ቀናት ቢኖሩትና ባለሙያው በቀን 8 ሰዓት ቢሮ ቢቀመጥ፣ ሰዓቱ 176 ስለሚሆን ወጪውን ለዚህ ያካፈለ ሰው በሰዓት 250 ብር ይበቃል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ከ8ቱ ሰዓት ውስጥ ለደንበኛ ሊታሰብ የሚችለው በአማካይ ከ5 ሰዓት አይበልጥም። የቀረው ዋጋ በመስጠት፣ ስልክ በመመለስ፣ ማተሚያ ቤት በመመላለስ፣ ክፍያ በማሰባሰብና መብራት እስኪመጣ በመጠበቅ ያልፋል። ስለዚህ ወጪው መካፈል ያለበት ለ110 ሰዓት ነው፤ ይህም በሰዓት 400 ብር ይሆናል። ሥራ ለሚቀዘቅዝባቸው ሳምንታትና ለትርፍ 100 ብር ሲጨመርበት የሰዓት ዋጋው 500 ብር ይደርሳል። በግላቸው የሚሠሩ ብዙ ወጣት ዲዛይነሮች በ250 ብሩ ስሌት ተነስተው ዋጋ ስለሚሰጡ፣ ቀን ከሌት እየሠሩም ኪራይ መክፈል ያቅታቸዋል። ሥራ የሚያበዛ ደንበኛ የጎደለውን 150 ብር አይሞላላቸውም፤ እንዲያውም በእያንዳንዱ ሰዓት ያጎድልባቸዋል።

አሁን አንድ ሥራ እንውሰድ። ሐረር የሚገኝ፣ ቡና ቆልቶ የሚያሽግ ድርጅት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚታተም ባለ 12 ገጽ ብሮሹር እንድናዘጋጅለት ጠየቀን እንበል። ጽሑፉ ተጠናቅቋል፣ ፎቶዎቹ ተዘጋጅተዋል፣ የገጹ ብዛትም ታውቋል። የዚህ ሥራ ዳርቻ ስለሚታይ በቁርጥ እንተምነዋለን። ጽሑፉን ለማንበብና ከደንበኛው ጋር ለመነጋገር 3 ሰዓት፣ ሁለት የተለያዩ የንድፍ ሐሳቦችን ለማቅረብ 8 ሰዓት፣ የተመረጠውን ሐሳብ በአማርኛ በ12ቱም ገጽ ላይ ለመሥራት 12 ሰዓት፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ለማዛወር 5 ሰዓት፣ ለሁለት ዙር እርማት እያንዳንዳቸው 4 ሰዓት፣ ለኅትመት የሚሄደውን ፋይል ለማዘጋጀት ደግሞ 2 ሰዓት እንይዛለን። ድምሩ 38 ሰዓት ነው።

የአፋን ኦሮሞው 5 ሰዓት ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ንድፉ አንዴ ከተሠራ ጽሑፉን መለጠፍ ብቻ የቀረ ይመስላልና። በቁቤ የሚጻፍ ቃል አናባቢውም ተነባቢውም ስለሚደጋገም በፊደል ከተጻፈው የአማርኛ አቻው በርዝመት ይበልጣል። በአማርኛ በሦስት መስመር ያለቀ የፎቶ መግለጫ በአፋን ኦሮሞ አምስት መስመር ሆኖ ከሳጥኑ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ርዕሶችን ማሳነስ፣ ዓምዶችን ማስፋት፣ አንዳንዴም ፎቶ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቋንቋ እንደሚጨመር ከመጀመሪያው ከተነገረን ለዚህ የሚሆን ቦታ ትተን ስለምንነሳ ሥራው ይቀላል፤ አማርኛው ጸድቆ ካበቃ በኋላ የሚነገረን ከሆነ ግን ግማሹ እንደ አዲስ ይሠራል።

በ38ቱ ሰዓት ላይ 6 ሰዓት መጠባበቂያ እንጨምራለን። ይህ መጠባበቂያ የሚውለው ለራሳችን የግምት ስህተትና ለቴክኒክ ችግር ነው እንጂ ደንበኛው ሐሳቡን ለሚቀይርበት ጊዜ አይደለም። 44 ሰዓት በ500 ብር ሲባዛ 22,000 ብር ይመጣል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 3,300 ብር ሲታከልበት ጠቅላላው 25,300 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብን ነገር አለ። ሥራው ያለ ምንም እንቅፋት በ38 ሰዓት ቢያልቅና በሰዓት ታስቦ ቢሆን ኖሮ፣ ደንበኛው ከታክስ በፊት የሚከፍለው 19,000 ብር ብቻ ነበር። ቁርጥ ዋጋው በ3,000 ብር ይበልጣል። ደንበኛው ይህን ልዩነት የሚከፍለው ዋጋው ከተነገረው እንዳያልፍ ዋስትና ለማግኘት ነው። በጀቱን በቦርድ ወይም በሥራ አመራር ለሚያስጸድቅ ድርጅት ይህ ዋስትና ከ3,000 ብሩ በላይ ይጠቅመዋል፤ ባለቤቱ ራሱ አጠገባችን ተቀምጦ የሚወስንበት ትንሽ ሱቅ ግን ላያስፈልገው ይችላል።

በቁርጥ የተያዘ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በእርማት ላይ ነው። ሁለቱ ዙር አልቆ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ከዚያ በፊት ብሮሹሩን አይተው የማያውቁ ሸሪክ ወይም ሥራ አስኪያጅ ይመጡና ስለ እርሻው የሚያወራው ገጽ እንደገና እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ዙር 4 ሰዓት፣ አዲሱን ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ለማስገባት 6 ሰዓት ቢወስድ፣ ተጨማሪው 10 ሰዓት 5,000 ብር ያስከፍላል። ሳናስከፍል ብንቀበለውና ጥያቄው እየቀጠለ ተጨማሪው 20 ሰዓት ቢደርስ፣ 22,000 ብሩ ለ58 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ወደ 379 ብር ይወርዳል። ይህ ከወጪያችን ከ400 ብሩ በታች ነው፤ ከዚያ በኋላ የምንሠራው ከኪሳችን እያወጣን ነው።

ሥራ ወደዚህ አቅጣጫ እያመራ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ከአንድ ድርጅት ሁለት ሰዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ እርማት ከላኩልን፣ ወይም እርማቱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እየተቆራረጠ በተለያየ ሰዓት ከደረሰን፣ ያ ዙር እንደማያልቅ እናውቃለን። ስለዚህ በእያንዳንዱ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ «አንድ ዙር» ማለት በደንበኛው በተወከለ አንድ ሰው ተሰብስቦ በጽሑፍ በአንድ ጊዜ የተላከ የእርማት ዝርዝር መሆኑን እንገልጻለን። የፊደል ግድፈት የእኛ ከሆነ እንደ ዙር አይቆጠርም፤ በማንኛውም ጊዜ ያለ ክፍያ እናርማለን። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ገና በመጀመሪያው ንድፍ ላይ እንዲያየው እንለምናለን። ከቀትር በኋላ ስልክ የማያነሳ አለቃ በከተማችን ብርቅ ስላልሆነ ጠዋት ማሳየቱ ይሻላል።

የትርጉም ሥራ ከዲዛይን በቀለለ መንገድ ይለካል፤ ቁርጥ ዋጋው የሚወጣው በመነሻው ጽሑፍ የቃላት ብዛት ነው። የምንቆጥረው ትርጉሙን ሳይሆን መነሻውን የሆነበት ምክንያት ሁለት ነው። ደንበኛው ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ራሱ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል፤ ተርጓሚውም ሐረግ እያረዘመ ገንዘብ አያገኝም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የቃላቱ ቁጥር በግልጽ ስለሚጨምር፣ ዋጋ የምታወዳድሩ ከሆነ ሌላው ተርጓሚ የሚቆጥረው የትኛውን ጽሑፍ እንደሆነ መጠየቅ ይጠቅማችኋል።

በሰዓት የምናስበው ዳርቻው የማይታየውን ሥራ ነው። በሌላ ሰው የተተረጎመን ጽሑፍ ማረም፣ ደብዛዛ ስካን የሆኑ የቆዩ ውሎችን አንብቦ መተየብ፣ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ፋይሎችን ማስተካከል የዚህ ዓይነት ናቸው። የመጨረሻዎቹ አሁን ባለው ፕሮግራም ሲከፈቱ አማርኛው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሚለወጥ፣ መቀየሪያ ሶፍትዌር ካለፈባቸው በኋላ እንኳ ሰው ቃል በቃል ሊያያቸው ይገባል። አንዱ ፋይል በግማሽ ሰዓት ሲጠራ፣ ከውጭ ሲታይ ከእሱ የማይለየው ሌላው ግማሽ ቀን ይወስዳል። እንዲህ ላለው ሥራ ቁርጥ ዋጋ ስጡን ብትሉን፣ የከፋውን ገምተን ከፍ ያለ ዋጋ ለመጥራት እንገደዳለን፤ ይህም አይጠቅማችሁም።

በሰዓት ስናስብ ግን ልጓም እናበጃለን። በቅድሚያ ከፋይሉ የተወሰኑ ገጾችን ለአንድ ሰዓት ሠርተን ፍጥነታችንን እናያለን፤ ከዚያም ጣሪያ እንተክላለን። ጣሪያው 20 ሰዓት ከሆነ 15ኛው ሰዓት ላይ ስንደርስ ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ እናሳውቃችኋለን፤ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ከ20ው አናልፍም። የሰዓት መዝገቡን ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራና የፈጀውን ጊዜ እየጠቀስን በግማሽ ሰዓት መለኪያ እንይዛለን፤ ከደረሰኙም ጋር አያይዘን እንልካለን። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል።

ሎጎና የመሳሰለውን የፈጠራ ሥራ ግን ደንበኛው ቢጠይቅም በሰዓት አንቀበልም። ልምድ ያለው ባለሙያ በ6 ሰዓት የሚጨርሰውን ጀማሪው በ20 ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል፤ በሰዓት ቢታሰብ ደንበኛው ለዘገየው የበለጠ ይከፍላል፣ የፈጠነውም በፍጥነቱ ይቀጣል።

አንዳንድ ሥራ ሁለቱንም አከፋፈል ይፈልጋል። የቆዩ ሰነዶችን አጥርቶ መጽሔት ማድረግ ከሆነ፣ ማጥራቱን በጣሪያ በተወሰነ ሰዓት እናስባለን፤ ጽሑፉ ሲጠራና ገጹ ሲታወቅ ለዲዛይኑ ቁርጥ ዋጋ እናቀርባለን። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ለማቆም ብትወስኑ የጠራው ጽሑፍ የእናንተ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት የተፈረሙ ውሎች በነበሩበት ሁኔታ ይፈጸማሉ። ከእንግዲህ በምንልካቸው የዋጋ ማቅረቢያዎች ላይ አከፋፈሉ በሰዓት ወይም በቁርጥ መሆኑ፣ የእርማት ዙሩ ብዛት፣ የተጨማሪ ሰዓት ዋጋና ታክሱ ተለይተው ይሰፍራሉ። በተላከላችሁ ማቅረቢያ ላይ ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት መልሱልን።

ከሰላምታ ጋር
የትርጉምና የዲዛይን ቢሮው