የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የቆስጣ ክሎሮፕላስት በሙከራ ቱቦ ውስጥ

የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ የፎቶሲንተሲስን የብርሃን ደረጃና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጠውን የካልቪን ዑደት በቤተ ሙከራችን ለያይቶ ማየት ይቻላል ወይ? የመማሪያ መጽሐፉ ሁለቱን በአንድ ክሎሮፕላስት ሥዕል ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ተማሪው ሥዕሉን በቃሉ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ፈተና ላይ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢቋረጥ ኦክስጅን መውጣቱን ይቀጥላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ይደናገራል። መልሱ ቅጠሉ ሙሉ መሆኑ ወይም ክሎሮፕላስቱ መሰበሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓመቱ ያለፈው ይህንን በማሳየት ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የተሠራው በሙሉ ቅጠል ነው። ዋናውን ጅማት ሸሽቶ በወረቀት መብሻ ከቆስጣ ቅጠል ክብ ቁራጮች ይወጣሉ። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 0.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል። ቁራጮቹ ከፈሳሹ ጋር መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ውስጥ ይገባሉ፤ አፉን በጣት ደፍኖ መግፊያውን ወደ ኋላ ሲስቡትና ሲለቁት በቅጠሉ ውስጥ የነበረው አየር ወጥቶ ፈሳሽ ይተካዋል፣ ቁራጮቹም ይሰምጣሉ። ብርሃን ሲያገኙ ኦክስጅን በውስጣቸው ስለሚጠራቀም ተራ በተራ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፈልቶ በቀዘቀዘና ሳሙና ብቻ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ የገቡት ግን ብርሃኑ ያው ሆኖ ሳለ ታች እንደተኙ ይቀራሉ። ውኃው ሲፈላ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቷል፣ ሶዳውም የለም።

ጥያቄው የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ከውኃ ነው፤ ሩበንና ካመን እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ኦክስጅን ያለበትን ውኃ ተጠቅመው ይህንን አሳይተዋል። ውኃ ደግሞ በሁለቱም ብርጭቆዎች ሞልቷል። ታዲያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጥፋት የውኃን መሰንጠቅ ለምን ያስቆማል?

ለዚህ መልስ ፍለጋ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ክሎሮፕላስቱን ከቅጠሉ አውጥተን ሠርተናል። መንገዱን የጠረገው የካምብሪጁ ሮቢን ሂል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከቅጠል ያወጣቸው ክሎሮፕላስቶች የብረት ጨው ሲሰጣቸው፣ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በብርሃን ኦክስጅን እንደሚሰጡ አሳየ። እኛ በብረት ጨው ፋንታ የተጠቀምነው ዲሲፒአይፒ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለም አልባ ስለሚሆን ለውጡ በዓይን ይታያል።

አሠራሩን ለሚቀጥለው ዓመት አባላት በዝርዝር እናስቀምጥ። ፒኤቹ 7 የሆነ የፎስፌት በፈር ተዘጋጅቶ፣ 34 ግራም ስኳርና 0.19 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ በበፈሩ ይሟሟና መጠኑ 250 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ይሞላል። ይህ ማውጫ ፈሳሽ ነው። ስኳሩ 0.4 ሞላር ገደማ ይሆናል፤ ሥራው ክሎሮፕላስቱ ውኃ ስቦ እንዳይፈነዳ የፈሳሹን ጥግግት ማመጣጠን ነው። ቀለሙ ለብቻው ይዘጋጃል፦ 0.01 ግራም ዲሲፒአይፒ በ100 ሚሊ ሊትር በፈር። ሦስት ትናንሽ የቆስጣ ቅጠሎች ጅማታቸው ወጥቶ ይከተፉና በረዶ ላይ በቆየ ሙቀጫ ከ20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ማውጫ ፈሳሽ ጋር ፈጠን ተብሎ ይወቀጣሉ፤ ከዚያም በአራት እጥፍ ሻሽ ይጠለላሉ። የተጠለለው ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። ታች የሚተኛው አረንጓዴ ዝቃጭ ክሎሮፕላስቱ ነው፤ በ2 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ማውጫ ፈሳሽ ተበጥብጦ በረዶ ላይ ይቀመጣል።

በእያንዳንዱ ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር ቀለምና 0.5 ሚሊ ሊትር ክሎሮፕላስት ይገባል። አንደኛው ቱቦ ከ100 ዋት አምፖል 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ሁለተኛው በፎይል ተጠቅልሎ ከጎኑ ይቀመጣል። ሦስተኛው በክሎሮፕላስቱ ቦታ ማውጫ ፈሳሹን ብቻ ይዟል። አራተኛው ከዝቃጩ በላይ የቀረውን ፈሳሽ ይይዛል። የሚጠበቀው የመጀመሪያው ብቻ ከሰማያዊ አረንጓዴነት ወደ ንጹሕ አረንጓዴ እንዲለወጥ ነው።

በፎይል የተጠቀለለውም ቀለሙን ካጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠሉ ቫይታሚን ሲ ነው፤ እርሱም ያለ ብርሃን ለዲሲፒአይፒ ኤሌክትሮን ይሰጣል። አራተኛው ቱቦ የገባው ለዚህ ነው፦ ቫይታሚን ሲ በፈሳሹ ውስጥ ስለሚቀር፣ አራተኛው ከነጣ ዝቃጩ በአዲስ ማውጫ ፈሳሽ ታጥቦ እንደገና መሽከርከር አለበት። ቀለሙ ወደ ሮዝ ከሄደ ፈሳሹ አሲድ ሆኗል ማለት ነው፣ በፈሩ ይፈተሽ። ብርሃን ያገኘው ቱቦ ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው፤ በአምፖሉና በቱቦው መካከል ውኃ የሞላ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ይቁም። መብራት ሲጠፋ የፀሐይ ብርሃን በደንብ ይሠራል፤ ቱቦዎቹ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ቢከር ውስጥ መቆም አለባቸው። የተዘጋጀው ክሎሮፕላስት ውሎ አያድርም፣ በሰዓት ውስጥ ይሠራበት። ውጤቱ ከመነበቡ በፊት ቱቦውን መነቅነቅም ክልክል ነው፤ አየር ሲገባ የነጣው ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል።

አሁን ሁለቱን ሙከራዎች ማስተያየት ይቻላል። በቱቦው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማንም አልጨመረም፣ ኤሌክትሮን ግን ከውኃ እየተነጠቀ ወደ ቀለሙ ሄዷል። በቅጠሉ ውስጥ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ኤንኤዲፒ ነው፤ ሲቀበል ኤንኤዲፒኤች ይሆናል። ይህ ተሸካሚ ቁጥሩ ውስን ስለሆነ በካልቪን ዑደት ጭነቱን አራግፎ ባዶውን መመለስ አለበት፤ ባዶ ጠርሙስ ካልተመለሰ አዲስ ለስላሳ እንደማይሰጠው ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠፋ ዑደቱ ይቆማል፣ ባዶ ተሸካሚ አይመለስም፣ ኤሌክትሮን ተቀባይ ያጣል፣ የውኃው መሰንጠቅም ይቀንሳል። በሶዳ አልባው ብርጭቆ ቁራጮቹ ታች የቀሩት ለዚህ ነው። ዲሲፒአይፒ ያደረገው በተሸካሚው ቦታ መቆም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአባላቱ ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ ክሎሮፕላስቱ በቱቦ ውስጥ ከሠራ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨመርለት ስኳር ይሠራልን? በዚህ አወጣጥ አይሠራም። በሙቀጫ ሲወቀጥ ከክሎሮፕላስቶቹ የብዙዎቹ ውጫዊ ሽፋን ይቀደዳል፤ ስኳር በሌለበት በፈር ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የተረፉትም ይፈነዳሉ። የሚፈሰው ክሎሮፕላስቱን የሞላው ፈሳሽ፣ ስትሮማ ነው። የካልቪን ዑደት ኢንዛይሞች ደግሞ የሚኖሩት እዚያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ በሰከንድ የሚይዘው ጥቂት ሞለኪውል ብቻ ስለሆነ፣ ተክሉ ስትሮማውን በሩቢስኮ አጨናንቆ ነው የሚካካሰው። ስትሮማው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲበተን ኢንዛይሙም፣ የሚሠራባቸው ውህዶችም፣ ኃይል አቀባዩ ኤቲፒም እርስ በርስ ለመገናኘት ይራራቃሉ። በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ከረጢቶች፣ የታይላኮይዶቹ ሽፋን ግን ክሎሮፊሉንና የኤሌክትሮን ሰንሰለቱን በራሱ ላይ ተክሎ ስለያዘ ስትሮማው ቢፈስም ሥራውን ይቀጥላል። ዳንኤል አርነን እ.ኤ.አ. በ1954 ተጠንቅቀው የወጡ ክሎሮፕላስቶች ከሴሉ ውጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እስከ ካርቦሃይድሬት ማድረስ እንደሚችሉ አሳይቷል።

እንግዲህ ክሎሮፕላስት የሚያስፈልገው ክሎሮፊል ስለያዘ ብቻ አይደለም። ክሎሮፊሉ በአልኮል ተነጥሎ ብርሃን ቢበራበት ቀይ ፍካት ይሰጣል እንጂ ውኃ አይሰነጥቅም፤ የያዘውን ኃይል የሚቀበለው የለም። ታይላኮይዱም የተዘጋ ከረጢት መሆን አለበት፦ ኤሌክትሮን ሲያልፍ ፕሮቶን ወደ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ተመልሶ ሲወጣ ኤቲፒ ይሠራል። ሳይኖባክቴሪያ ክሎሮፕላስት ባይኖረውም ፎቶሲንተሲስ የሚሠራው የራሱ ታይላኮይድ ስላለው ነው። በተክል ሴል ውስጥ ግን ታይላኮይድና ስትሮማ በአንድ ሽፋን ውስጥ ተቀራርበው የሚገኙት በክሎሮፕላስት ብቻ ነው።

የካልቪን ዑደትን በእኛ መሣሪያ ማሳየት ስለማይቻል በወረቀት ላይ ሠርተነዋል። ሦስት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንውሰድ። እያንዳንዱ ባለ አምስት ካርቦን ከሆነው ሩቢፒ ጋር ሲገናኝ ሁለት ባለ ሦስት ካርቦን ፒጂኤ ይወጣል፤ በድምሩ ስድስት። እነዚህን ወደ ጂ3ፒ ለመለወጥ ስድስት ኤቲፒና ስድስት ኤንኤዲፒኤች ይወጣል። ከስድስቱ ጂ3ፒ አንዱ ብቻ ለስኳር ይተርፋል። የቀሩት አምስቱ 15 ካርቦን ይዘው በሦስት ተጨማሪ ኤቲፒ ወደ ሦስት ሩቢፒ ይመለሳሉ። ጠቅላላ ወጪው ዘጠኝ ኤቲፒና ስድስት ኤንኤዲፒኤች ነው። ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሩቢፒን ለመመለስ የሚከፈሉት ሦስት ኤቲፒዎች ናቸው።

የመጨረሻው ውይይት በበርክሊ ካልቪን፣ ቤንሰንና ባሻም በሠሩት ሥራ ላይ ነበር። አልጌን በጠፍጣፋ ብርጭቆ ብርሃን ላይ አድርገው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ሰጡት፤ ከሰከንዶች በኋላ በፈላ አልኮል ገደሉት፤ ውህዶቹንም በወረቀት ክሮማቶግራፊ ለዩ። ቀድሞ ምልክት የተገኘበት ፒጂኤ ነበር። አባላቱ ውጤቱን ከማየታቸው በፊት እንዲተነብዩ ተጠየቁ። ብርሃን በድንገት ሲጠፋ ሩቢስኮ በተረፈው ሩቢፒ ላይ ካርቦን መያዙን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል፤ ፒጂኤን የሚለውጠው ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ግን የለም። ስለዚህ ፒጂኤ ይጠራቀማል፣ ሩቢፒ ይቀንሳል። ብርሃኑ ሳይነካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀነስ ተቃራኒው ይሆናል፦ ሩቢፒ የሚይዘው አጥቶ ይጨምራል፣ ፒጂኤ ይወርዳል።

«የጨለማ ደረጃ» የሚለው የድሮ ስያሜ ተማሪን የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። ዑደቱ ብርሃንን በቀጥታ ባይወስድም ሌሊት አይሠራም። ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች በፍጥነት ያልቃሉ፤ በዚያ ላይ ብርሃን ሲኖር ፕሮቶን ወደ ታይላኮይድ ስለሚገባ የስትሮማው ፒኤች ከ7 ገደማ ወደ 8 ገደማ ከፍ ይላል፣ ማግኒዥየሙም ይጨምራል፣ ሩቢስኮና ሌሎች የዑደቱ ኢንዛይሞች የሚነቁትም በዚህ ሁኔታ ነው። ሲጨልም ይመለሳሉ።

ለመጪው ዓመት በዚያው የቱቦ ሙከራ ላይ አሞኒየም ክሎራይድ የሚጨመርበት አንድ ቱቦ ታቅዷል። አሞኒያው የፕሮቶኑን ክምችት ስለሚያፈርስ ኤቲፒ አይሠራም፤ የኤሌክትሮኑ ጉዞ ግን ወደ ኋላ የሚገፋው ስለሌለ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሰማያዊው ቀለም ከመደበኛው ቱቦ ቀድሞ መንጣት ይኖርበታል። ዲሲፒአይፒው ለአንድ ዓመት የሚበቃ አለ፤ የሚጎድለው አሞኒየም ክሎራይድና ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ነው።