ያ «63» ያልኩህ ነገር

አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ? ማዘርስ ደህና ናቸው? ስድብህን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። አዎ፣ ከፋሲካ ወዲህ አንድ መልስ አልሰጠሁህም፤ ስትደውልም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብዬሃለሁ፤ እኔና ስብሰባ! ከቱሉ ዲምቱ ለገጣፎ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ላመካኝ ነበር፣ ግን ቴሌግራም ታክሲ አይጠይቅም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ።

አሁን ማንበብህን አቁምና የምጣዱን ብሬከር አውርደው። ማዘር እየጋገሩ ከሆነ ይቆጡኝ፤ የምትነቅለው ነገር ካለ ግን ካወረድክ በኋላ ንቀል።

አወረድከው? እሺ፣ አሁን ተቀመጥ።

ያኔ «ብሬከሩ እንጀራው ሲጋመስ እየወረደ አስቸገረን፣ ስንት አምፔር እንደሆነ ንገረኝና ተመሳሳዩን ልግዛ» ብለህ ፎቶ ልከህልኝ ነበር። እኔ ሀይገር ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረት ይዞ፣ ፎቶውን እንኳ ሳላሰፋው «63 ነው» ብዬ ጻፍኩልህ። በሳምንቱ «አስገጥሜዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወረደም፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» አልከኝ። እኔም ተኮፈስኩ። ኤሌክትሪክ የተማርኩት እኔ አይደለሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ለራሴ ቤት ሶኬት ልገዛ አንድ ሱቅ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለው ልጅ ብሬከር ላይ NXB-63 የሚለውን በጣቱ እየጠቆመ «ባለ 63ቱን ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁ ሳቀና «እሱማ የቤተሰቡ ስም ነው፤ የልጁን ስም ከታች አንብብ» አለው። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ያንተ ፎቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሶኬቱንም ሳልገዛ ቤት ገባሁና ፎቶህን ፈልጌ አሰፋሁት። ከላይ CHNT ይላል፤ ቺንት ነው፣ የቻይናው። ከሥሩ NXB-63። ይሄ የሞዴሉ ስም ነው። 63 ማለት በዚህ ሞዴል የሚመጣው ትልቁ ብሬከር 63 አምፔር ነው ማለት እንጂ እጅህ ላይ ያለው 63 ነው ማለት አይደለም። ትንሹም ትልቁም ያንኑ ስም ይዞ ይወጣል። የሽናይደሩም እንደዚያው ነው፤ iC60N ስላለ 60 አምፔር አይሆንም። ትክክለኛው አምፔር ብቻውን፣ ፊደል አስቀድሞ ይጻፋል፤ C16፣ C20፣ C32 እንደሚባለው። ፊደሏ ብሬከሩ በድንገተኛ ከፍተኛ ከረንት ስንት እጥፍ ላይ ወዲያው እንደሚወርድ ትናገራለች፤ C ከሆነ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ዘወትር የሚሸከመው አምፔር ነው።

ታዲያ ያንተ ፎቶ ላይ ምን ይላል? ፍላሽ አብርተህ ነው ያነሳኸው (አንተ ሠርግም ላይ እንደዚሁ ነህ)፣ ብርሃኑ ፕላስቲኩ ላይ አንፀባርቆ ግማሹን ውጦታል። የሚታየው C ነው፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ ነጭ። አንድ አሃዝ ጠፍቷል። ግን ብሬከር እንደ ሽንኩርት በፈለጉት መጠን አይመዘንም፤ የተለመዱት 6፣ 10፣ 16፣ 20፣ 25፣ 32፣ 40፣ 50 እና 63 ናቸው። በ2 የሚጀምሩት 20 እና 25 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የድሮው ብሬከርህ ወይ C20 ነው ወይ C25። 63 ግን በምንም ተአምር አይደለም።

እዚያው ብሬከሩ ላይ በትንሽ ሳጥን የተከበበ 6000 የሚልም አለ፤ እሱንም «6000 ዋት ይችላል» ብለው የሚያነቡ አሉ። ዋት አይደለም። ሾርት ሲፈጠር ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊቆርጠው የሚችለው ትልቁ ከረንት ነው፣ 6000 አምፔር።

አሁን ለምን እንደጨነቀኝ ይገባሃል። ምጣዳችሁ 3500 ዋት ነው ብለኸኝ ነበር። በ220 ቮልት ብታካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ማዘር እየጋገሩ ያንን 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ ለቡና ሲሰኩት 9 አምፔር ይጨመርና 25 ይሞላል። C20 እንዲህ ያለውን ትርፍ ለጥቂት ጊዜ ይታገሳል፣ ውስጡ ሲሞቅ ሊወርድ ይችላል። እንጀራው ሲጋመስ መውረዱ ለዚህ ይመስለኛል። ብሬከሩ አልተበላሸም ነበር፣ ሥራውን እየሠራ ነበር። እኛ ነን ያባረርነው።

«ከዚያ ወዲህ አልወረደም» አልከኝ። እንዴት ይውረድ? 63ቱ 70 አምፔር ቢያልፍበትም አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ፎቶው ላይ ሳየው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው የመሰለኝ፣ እሱ ደግሞ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ከ20 አምፔር ብዙም አይዘልም። 25 አምፔር ሲመላለስበት ከርሟል ማለት ነው። አንድ ቀን ማከፋፈያ ላይ ምድጃም ቢሰካ ብሬከሩ ሳይወርድ የሽቦው ላስቲክ ሊቀልጥ ይችላል። ትናንት ሌሊት ይህን እያሰብኩ ተገላበጥኩ፣ ልደውል ብዬ ስልኩን አንስቼ ደግሞ ስንት ወር ዘግቼህ በሌሊት «ቤትህ ሊቃጠል ነው» ብል ምን ይለኛል ብዬ አስቀመጥኩት። ፈሪ ነኝ፣ ታውቀኛለህ። መደወል ነበረብኝ።

አሁን እንዲህ አድርግልኝ። ሌላ ፎቶ ላክ፣ ፍላሽ አጥፋ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን አብራበት፣ ስልክህን ፊት ለፊት ያዘው። የድሮውን ብሬከር ካልጣልከው እሱንም አንሳልኝ፣ ያቺ የጠፋች አሃዝ ታሳስበኛለች። የምጣዱን ሶኬትም ጨምር። ፊቱ ላይ ወይ ቀዳዳዎቹ አካባቢ በትንሹ 16A 250V~ የሚል ይኖረዋል፤ 10A ካለ ለምጣድ አይሆንም። 16 ቢልም ምጣዱ ጫፉ ላይ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ወይም ፕላስቲኩ ለስልሶ እንደሆነ እየው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ፎቶም አያስፈልግም፣ ይቀየር።

የሳጥኑን ክዳን ግን አትክፈት። ዋናውን ብታወርድም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ኃይል አለው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው እመጣለሁ። C20 ይዤ እመጣለሁ፤ ሽቦው 2.5 ከሆነ እሱን ወይ C16ን እንገጥማለን፣ ለምጣዱ ደግሞ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እንስባለን። የብሬከሩን ዋጋ እኔ እችላለሁ፣ የሽቦውን አንተ፤ ሁሉንም እችላለሁ ልል ነበር፣ ግን ደመወዜን ታውቃለህ።

እስከዚያ ማዘር ከጎረቤት እንጀራ ይግዙ። ምክንያቱን አትንገራቸው፤ ወይም ንገራቸው፣ ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት ይረጋጉ። ፎቶውን ዛሬ ማታ ላክ፣ አስፍቼ ነው የማየው።