ሽሮፕ ከመሸጣችን በፊት የግፊት ክኒኑን እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ደሴ ውስጥ በአንድ ፋርማሲ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን የምጽፈው የራሴንም ጥፋት ለመናገር ነው።

አንዲት ደንበኛ አሉኝ፤ የሰኞ ገበያ ሰው፣ ከ60 ያለፉ እናት። ክረምት ላይ ማሳል ጀመሩ። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም። ጉሮሮን እየከረከረ የሚመጣ ደረቅ ሳል ነው፤ ማታ ደግሞ ይብሳል። «የጦሳ ብርድ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔም ሽሮፕ ሸጥኩላቸው። በወሩ ሌላ ሽሮፕ። መሃል ላይ ሌላ ቦታ አሞክሳሲሊን ተሰጥቷቸው ጨርሰዋል። ዳማከሴውም፣ ዝንጅብል በማሩም ተሞክሯል። ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሐይቅ ያለች ልጃቸው ወለደችና ሁለት ሳምንት ተኩል እዚያ ቆዩ። ሲመለሱ «የሐይቅ አየር አሻለኝ» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ተመለሰ። ደሴ ከሐይቅ ትበርዳለችና እኔም አመንኩ። ነገሩ የገባኝ የግፊት ክኒን ሊወስዱ ሲመጡ ነው። «እትዬ፣ ይሄማ ቀደም ብሎ ማለቅ አልነበረበትም?» ስላቸው፣ ሐይቅ ሲሄዱ ክኒኑን ቤት ረስተውት እንደነበር ነገሩኝ። ያሻላቸው አየሩ ሳይሆን የክኒኑ መቅረት ነበር።

ክኒኑ ኢናላፕሪል ነው፣ በቀን 10 ሚሊግራም። ሳሉ ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት የተጀመረላቸው። ኢናላፕሪል የሚያግደው ኢንዛይም ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የደም ሥርን የሚያጠብበውን አንጂዮቴንሲን ሁለት መሥራት ነው፤ ይህ ሲታገድ ግፊት ይወርዳል። ሌላው ሥራው ብራዲካይኒን የሚባል ንጥረ ነገርን መሰባበር ነው። ይህም አብሮ ሲታገድ ብራዲካይኒኑ በአየር ቧንቧ ይጠራቀምና ጉሮሮን ይኮረኩራል። ከ10 ሰው አንዱን ያህል እንዲህ ያስላል፤ ሴቶችን ይበልጥ። በተጀመረ በቀናት ሊመጣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሰው ከክኒኑ ጋር የማያያይዘው ለዚህ ነው።

ያኔም ቢሆን «ክኒኑን ይተዉት» አላልኳቸውም። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል እኛ አገር መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ማታ ተኝተው የሚብስ ሳል ደግሞ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት ካለ በተለይ። ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። አክታ አልወጣ ብሎ ትንሽ ቢያስቸግርም ተመረመረ፣ ቲቢ አልተገኘም። ራጁም ንጹሕ ነበር።

ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን አቁሞ በማግስቱ ሎሳርታን 50 ሚሊግራም አስጀመራቸው። በሁለቱ መካከል ቀን መዝለል አያስፈልግም፤ አንድ ላይ መዋጥ ግን አይገባም። ሎሳርታን ኢንዛይሙን አይነካውም። አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ይዘጋል፤ ስለዚህ ብራዲካይኒን አይጠራቀምም። ኢናላፕሪልን በሊሲኖፕሪል ወይም በካፕቶፕሪል መለወጥ ግን ትርፉ ድካም ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ሳሉም አንድ ነው። መጠኑን መቀነስም ብዙ ጊዜ አይፈይድም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ይኸው አሁንም ያስለኛል፣ ይሄም ያው ነው» አሉ፣ ትንሽ ተቆጥተው። ሳሉ ለመጥፋት ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር እንደሚወስድ ቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን መተኛት ቻሉ። በአምስተኛው ሳሉ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ አድርገው ነበር፤ ሎሳርታንም እንደ ኢናላፕሪል ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላልና። ግፊታቸው 136 በ84 ሆኗል።

ሳሉ ቀላል ሆኖ እንቅልፍ የማይነሳ ከሆነ፣ በተለይ ክኒኑ ለልብ ድካም የታዘዘ ከሆነ፣ ሐኪሙ ባለበት እንዲቀጥል ሊመክር ይችላል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ክኒኑን ወዲያው አቁሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው፤ ሎሳርታን ይተካ አይተካም ሐኪሙ በጥንቃቄ ያየዋል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት መውሰድ የለባትም።

አሁን ሳል ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ሽሮፕ ከማንሳቴ በፊት «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ካርቶኑን ያሳዩኝ» እላለሁ። የእትዬ የክትትል ካርድ ላይም ሐኪሙ በቀይ እስክሪብቶ «ኢናላፕሪል አስሏቸዋል» ብሎ ጽፏል። ነገ ሌላ ሐኪም ሊሲኖፕሪል እንዳያዝላቸው።

ከደሴ፣ አንድ ፋርማሲስት