ግልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ ፕሮፖዛል የሰረዛችኋቸው ሁለት መስመሮች ይመለሱ

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ በጥቅምት 2017 በደብዳቤ፣ በታኅሣሥ በግንባር፣ በየካቲት እንደገና በደብዳቤ አቅርበናል። ሁለቱም ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ተደርገዋል። መልስ ስላላገኘን አሁን በአደባባይ እንጽፋለን። የምንጽፈው የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ አባላት ነን።

ለለጋሹ ድርጅት ያዘጋጀነው ፕሮፖዛል 690,000 ብር ይጠይቃል። ፊርማና ማኅተም እንድታደርጉበት አምጥተነው፣ ሁለት መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ አንድ መስመር ተጨምሮ ተመለሰ። ለጋሹም በዚያው መልኩ ተቀብሎ «የእንቅስቃሴ ዝርዝሩና በጀቱ አይገናኙም» ብሎ መለሰው። ልክ ነው፣ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ስረዛ መጻሕፍቱን ይመለከታል። የጠየቅነው 1,500 ቅጂ ነበር፣ በአማካይ በ180 ብር፣ ጠቅላላ 270,000 ብር። ከእነዚህ ውስጥ 1,200ው ስልሳ ዓይነት መጽሐፍ በሃያ ሃያ ቅጂ ነው። ሃያ ያልነው አንድ ክፍል አርባ ተማሪ ስላለውና ሁለት ሁለት ልጅ በአንድ መጽሐፍ ላይ አብሮ ማንበብ ስለሚችል ነው። ከሃያ ካነሰ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ታሪክ ማስነበብ አይችልም፤ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ልጆቹም ያዳምጣሉ እንጂ አያነቡም። ቀሪው 300 ቅጂ ልጆች መርጠው ወደ ቤት የሚወስዱት ነው።

ጽሕፈት ቤታችሁ 1,500ውን 500 አድርጎ፣ በተረፈው 180,000 ብር አምስት ኮምፒውተር አስገባ። ጠቅላላ ድምሩ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ሲታይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ነገር ግን በእንቅስቃሴው ክፍል «ሃያ ቅጂ ያላቸው ስልሳ መጻሕፍት» የሚለው ባለበት ቀርቷል። በ500 መጽሐፍ ይህ አይሆንም፤ ሃያ ሃያ ከተባለ ሃያ አምስት ዓይነት ብቻ ይወጣል፣ ለውሰት የሚተርፍ አንድም የለም። ኮምፒውተሮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ደግሞ የመብራት መስመር አልተዘረጋለትም፣ ለመዘርጊያም በበጀቱ ምንም አልተያዘም። ፕሮፖዛል የሚገመግም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፤ እያንዳንዱ የበጀት መስመር ከየትኛው ሥራ፣ ሥራው ከየትኛው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ በጣቱ እየተከተለ ይሄዳል።

ይበልጥ ያስቆጣን ግን ሁለተኛው ስረዛ ነው።

ትምህርት ቤቱ አሁንም «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ክፍል አለው። ለፕሮፖዛሉ ስንቆጥር 640 መጽሐፍ ተገኘ። 410ሩ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጻሕፍት ናቸው፣ 150ው በዕርዳታ የመጡና ለአንደኛ ደረጃ ልጅ የሚከብዱ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሊያነባቸው የሚችሉት 80 ብቻ ናቸው። ሰማንያዎቹም አይነበቡም። በውሰት መዝገቡ የመጨረሻው መስመር የተሞላው በ2014 ነው። መጽሐፉ ተመልሷል፣ ተፈርሞበታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ክፍሉ የተቆለፈው በስንፍና አይደለም። መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና በንብረት ሠራተኛው ስም ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ የጎደለው እርሱ ላይ ይታያል፣ ከደመወዙም ሊቆረጥ ይችላል። አንድ ልጅ መጽሐፍ ወደ ቤት ቢወስድና ዝናብ ቢመታበት፣ ወይም ታናሽ ወንድሙ ቢቀደው፣ ተጠያቂው ቁልፍ ያዡ ነው። ደመወዙን መጠበቅ የፈለገ ሰው ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን መዝጋት። በ270,000 ብር አዲስ መጽሐፍ ብናስገባም ይህ ካልተነካ አዲሶቹም በዚያው ክፍል ይቆለፋሉ።

ስለዚህ በፕሮፖዛሉ ሁለት ነገር በአንድ መስመር አስቀምጠን ነበር። አንደኛ፣ ወረዳው አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መደብ ይመድባል፣ ደመወዙንም ይከፍላል፤ ለጋሹ ደመወዝ እንደማይሸፍን በማመልከቻ ቅጹ ላይ ጽፏል። ሁለተኛ፣ በዓመት እስከ አምስት በመቶ የሚደርስ፣ ማለትም እስከ 75 ቅጂ የጠፋ ወይም የተቀደደ መጽሐፍ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ተረጋግጦ ከንብረት መዝገብ እንዲሰረዝ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ይስማማል። በልጆች እጅ የሚዞር መጽሐፍ ያልቃል፤ አንድም ያልጠፋበት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ማለት አንድም ያልተዋሰበት ነው። ይህን መስመር ሰረዛችሁት። ምክንያት አልተጻፈበትም። ከእናንተ አንዳችም ብር አይወስድም የተባለው የጉድለቱ አሠራር እንኳ አብሮ ተሰርዟል።

መስመሩ ሲወጣ የውጤቱ ክፍልም ፈረሰ። የጻፍነው የሚለካ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ 28 ክፍል አለው፣ በየፈረቃው 14። በእያንዳንዱ ፈረቃ በሳምንት ከሚኖሩት 25 ክፍለ ጊዜዎች እያንዳንዱ ክፍል አንዱን በቤተ መጻሕፍት ያሳልፋል፤ 11 ክፍለ ጊዜ ለውሰትና ለነፃ ንባብ ይተርፋል። በመነሻው ከ3ኛ ክፍል በዕጣ የወጡ 40 ልጆች ስልሳ ቃል ያለውን አንቀጽ በአንድ ደቂቃ እንዲያነቡ ተደርጎ የጨረሱት 11 ናቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ለሚወጡ 40 ልጆች 24 ብለን ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሚቆሙት በሩን ጠዋትም ከሰዓትም የሚከፍት ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በእናንተ በኩል የተተካው «የተማሪዎች የንባብ ባህል ይዳብራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን በዓመቱ መጨረሻ ማን፣ በምን ይለካዋል?

ቀሪውን የበጀት ክፍል አልነካችሁትም፤ የጣሪያና የወለል ጥገናው፣ መደርደሪያው፣ ጠረጴዛና አግዳሚው፣ የመምህራን ሥልጠናው ባለበት አለ። ግን እርሱም እየተበላሸ ነው። የአናጺውና የመጽሐፍ መደብሮቹ ፕሮፎርማ የሚጸናው ለ30 ቀን ነው። ፊርማ በዘገየ ቁጥር ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ እንደገና ይሰበሰባል፣ ዋጋውም በመጣ ቁጥር ይጨምራል። አሥራ ሁለቱ መደርደሪያዎች በጥቅምት እያንዳንዳቸው 9,500 ብር ነበሩ፣ በየካቲት 11,000 ሆኑ። በእነርሱ ብቻ 18,000 ብር ጎድሏል፤ በመጽሐፍ ዋጋ ሲታሰብ መቶ መጽሐፍ ነው። አናጺው ጣውላውን ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያስረዝም፣ መደርደሪያውም ከወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከግድግዳ እንዲርቅ አስቀድመን ተስማምተናል፤ አለዚያ ጣውላው በክብደት ይጎብጣል፣ ምስጥም ከግድግዳው ይሻገራል። ዋጋ ለመቀነስ ብለን ከዚህ ላይ ምንም አንቀንስም።

የለጋሹ መቀበያ ቀን ሚያዝያ 30 ያበቃል። እስከ ሚያዝያ 20 የምንጠብቀው ሁለት ወረቀት ነው፤ የመጽሐፉን ቁጥር ወደ 1,500 የሚመልስ ማኅተም ያለበት የበጀት ሠንጠረዥ፣ እና የሠራተኛ መደቡንና የ75 ቅጂውን ጉድለት የሚመለከት የስምምነት ደብዳቤ። መደቡን በዚህ የበጀት ዓመት መክፈት ካልቻላችሁ ይህንኑ በጽሑፍ ስጡንና ከሐምሌ 1 ጀምሮ ብለን ለለጋሹ እናስረዳለን። የጉድለቱ ስምምነት ግን ዛሬውኑ ሊፈረም ይችላል። ረቂቁ ከየካቲቱ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፣ አንድ ገጽ ነው።

የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ
ሚያዝያ 2017